የሽቶ ጠርሙስ ፎርጅድ መሆኑን ለማወቅ

ጥያቄ፦ «ማርቆስ ገበያ የታሸገ ሽቶ አየሁ፣ ቴሌግራም ላይም ያው አለ። ጠርሙሱን አይቼ ፎርጅድ መሆኑን እንዴት ልወቅ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከማሽተት አትጀምር። ፎርጅዱም መጀመሪያ ላይ ደህና ይሸታል። የካርቶኑን ታች ገልብጠህ እይ። ባች ኮድ የሚባል አጭር መለያ አለው፣ ባርኮዱን ማለቴ አይደለም። ያው ኮድ ጠርሙሱ ሥር ወይም ጀርባው ላይ መኖር አለበት። ካርቶኑ ላይ 4021 ተብሎ ጠርሙሱ ላይ 3107 ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ ተወው።

ኮዱ ገጠመ ብለህ ግን አትዘናጋ፤ ኮድም ይገለብጣሉ፣ ባዶ ኦሪጅናል ጠርሙስ ሰብስበው የሚሞሉም አሉ። ክዳኑን አንሥተህ አንገቱን እይ። የብዙዎቹ መርጫ በብረት ቀለበት ተጠብቆ የተገጠመ ስለሆነ ሳይጎዳ አይወልቅም፤ ቀለበቱ ከተቧጨረ ወይም ከተጣመመ አንድ ሰው ከፍቶታል። (እንደገና እንዲሞሉ ተብለው የተሠሩ ጠርሙሶችም አሉ፣ ለነሱ ይሄ አይሠራም።) ቱቦውንም ተመልከት። ደህናው ቀጭን ነው፣ ፈሳሹ ውስጥ የለም እስክትል ጥርት ይላል። ወፍራም፣ ነጣ ያለና ታች ደርሶ የተጠማዘዘ ከሆነ ተጠራጠር።

የታሸገ ስለሆነ ውስጡን ሳትከፍት አታይም። ስለዚህ ሳትከፍል በፊት ከሻጩ ጋር ተስማማ፦ እዚያው ፊቱ ትከፍታለህ፣ ኮዱ ካልገጠመ ገንዘብህን ይመልሳል። እምቢ ካለ እለፈው። የቴሌግራሙ ሻጭ ደግሞ ስምህንና የዛሬን ቀን ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ከሁለቱ ኮዶች ጋር በቪዲዮ ቀርጾ ይላክልህ። ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ ብቻ ከላከ ቀብድ እንዳትልክለት።