ከአረጋውያን ድምፅ ወደ አኒሜሽን፦ የፕሮፖዛል ማጠቃለያና በጀት (ጥያቄና መልስ)

ከጓደኞቼ ጋር ስለ ድሬዳዋ ባቡር የ12 ደቂቃ አኒሜሽን ዘጋቢ ፊልም ፕሮፖዛል ጽፈን ሁለት ጊዜ ተመልሶብናል፤ በሦስተኛው አለፈ። የምመልሰው ከዚያው ልምድ ነው። የብሩ ተመን እኛ ከባለሙያዎቻችን ጋር የተዋዋልንበት ስለሆነ እናንተ በየከተማችሁ ጠይቁ።

ማጠቃለያውን ከምን ልጀምር? ታሪኩን ሳላስረዳ ፊልሙን ብጠቅስ ማን ይገባዋል? (ተማሪ፣ ሐዋሳ)

እኛም እንደዚያ ፈርተን የመጀመሪያውን የጀመርነው ከምኒልክ ነበር። ባቡሩ እንደ ፈረንጆቹ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ እያልን ሄድን፤ ፊልሙ ራሱ ብቅ ያለው በሦስተኛው አንቀጽ ነው። ገምጋሚው «ይህንን በመጽሐፍም አነባለሁ» ብሎ መለሰልን። ያለፈው እንዲህ የሚል ነበር፦

«ባቡሩ ከጅቡቲ ድንበር ከደወሌ ሲነሳ ሴቶች ጨርቁን ከቀሚሳቸው ሥር ወገባቸው ላይ ጠቅልለው ይገባሉ። ፈታሽ ሲመጣ ምን ያደርጉ እንደነበር ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት ሆኗቸው እየሳቁ ያወራሉ። ያንን ፉርጎ የቀረጸ ካሜራ አልነበረም፤ እነሱም ፊታቸው እንዲታይ አይፈልጉም። ይህ ፊልም የ10 አረጋውያንን ድምፅ ይዞ ፉርጎውን በሥዕል ያሳያል። 30 ሰዓት ቀርጸን 12 ደቂቃ እናወጣለን። ሥራው 9 ወር ይፈጃል፤ የምንጠይቀው 997,700 ብር ነው።»

«ለምን አኒሜሽን?» የሚለው ጥያቄ እዚያው ውስጥ ተመለሰ፤ ምስል የለም፣ ፊትም አይታይም። የእናንተ ታሪክ ፎቶና ፊልም ሞልቶት ባለታሪኮቹም ካሜራ ፊት ለመቀመጥ ፈቃደኞች ከሆኑ ገምጋሚው «ለምን በካሜራ አትሠሩትም?» ይላችኋል፤ እውነቱንም ነው።

አኒሜሽን እኮ በሰከንድ 24 ሥዕል ነው። 12 ደቂቃ ማለት 17,280 ሥዕል ነው! በአንድ ሚሊዮን ብር አያልቅም። ገምጋሚውን አታለላችሁት? (ግራፊክስ ሠሪ፣ አዲስ አበባ)

ስሌቱ ልክ ነው፤ ግን አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ማቆየት የተለመደ ስለሆነ ቁጥሩ በግማሽ ወርዶ 8,640 ይሆናል። እሱም ቢሆን ሁሉም ሰከንድ እኩል ከተንቀሳቀሰ ነው።

እኛ መጀመሪያ ድምፁን ቆርጠን 12 ደቂቃ አደረግነው። ከዚያ በእርሳስ የተጫጫሩ ሥዕሎችን ድምፁ ላይ ደርድረን አኒማቲክ ሠራን፤ በዚያ ላይ የትኛው ሰከንድ መንቀሳቀስ እንዳለበት በእጃችን ምልክት አደረግን። ፍተሻውና የባቡሩ አነሳስ 120 ሰከንድ ሆነ፤ ሙሉ እንቅስቃሴ ያለው ይሄ ብቻ ስለሆነ በሰከንድ በ12 ሥዕል 1,440 ይመጣል። ሌላው 300 ሰከንድ እጅ ወይም ዓይን ብቻ የሚንቀሳቀስበት ነው፤ በሰከንድ 4 ሥዕል ስናስብ 1,200። የቀረው 300 ሰከንድ ቆሞ የሚታይ ሥዕል ሆኖ ካሜራው ብቻ በላዩ ይሄዳል። ለዚህም፣ በፊልሙ በሙሉ ከጀርባ ለሚታየው መደብም፣ 60 ትልልቅ ሥዕሎች አዘጋጀን።

የሚንቀሳቀሰው 2,640 ሥዕል ነው። አንድ ሰው በቀን 25 ያህል መስመሩንም ቀለሙንም ይጨርሳል፤ 106 ቀን ገደማ ማለት ነው። በቀን 3,000 ብር ሲታሰብ 318,000። 8,640 ብንሠራ ኖሮ 346 ቀን፣ 1,038,000 ብር ይሆን ነበር። መጀመሪያ «አኒሜሽን» ብለን አንድ ቁጥር ብቻ ስናስቀምጥ ነው የተመለስነው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሲታይ ማንም አልተከራከረንም።

እኔ ደግሞ የሟች አያቴ ድምፅ በሦስት ካሴት አለኝ። ስለ አድዋ ነው የምታወራው፣ ከአባቷ የሰማችውን። ፕሮፖዛል ሳልጽፍ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት እችላለሁ? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

ጥያቄው ከርዕሳችን ወጣ ያለ ቢሆንም መልሱ ወደ በጀቱ ይመልሰናል። ይችላሉ፣ እንዲያውም ፕሮፖዛሉን አይጠብቁ። ካሴት በራሱ ፍጥነት ነው የሚገለበጠው፤ የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይወስዳል። ከመጀመርዎ በፊት የማጫወቻውን ራስ በአልኮል በረጠበ ጥጥ ይጥረጉ። 48 kHz፣ 24 ቢት WAV አድርገው ያስቀምጡትና ያንን ፋይል እንዳይነኩት፤ ጩኸት የሚያጸዱትም የሚቆርጡትም ግልባጩን ይሁን። ገምጋሚ የሚጠይቅዎ ግን ሌላ ነው፤ ፈቃዱን ማን ይሰጣል? አያትዎ በሕይወት ስለሌሉ ወራሾቹ ይፈርሙ፣ ወረቀቱንም ከፕሮፖዛሉ ጋር ያያይዙት።

ድምፁን ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ 69,000 ብር? አንድ ልጅ በሁለት ሺህ ብር ይገለብጠዋል። (ስም ያልጠቀሰ)

ያ ልጅ አንድ ጊዜ ይሞክረው። የአንድ ሰዓት ንግግር ለመገልበጥ እኛን በአማካይ 6 ሰዓት ወስዶብናል። ድሬዳዋ ላይ አንድ እናት በኦሮምኛ ጀምራ በሶማሊኛ ትቀጥላለች፣ ቀልዱን በአማርኛ ትጨርሳለች፤ የድሮ ሠራተኞች ደግሞ የዕቃውን ስም በፈረንሳይኛ ይጠራሉ። 30 ሰዓት በ6 ሲባዛ 180 ሰዓት፣ በቀን ስምንት ሰዓት ሲሠራ 23 ቀን ገደማ ነው፤ በዚያው በቀን 3,000 ብር ሲታሰብ 69,000። ሰዓቱ ያልተጻፈበት ግልባጭ ደግሞ አይረባም፤ ቆራጩ «ያቺ የቀሚስ ነገር የት ነበረች?» እያለ ሦስት ቀን ይፈልጋል።

ለአረጋውያኑ ገንዘብ መስጠት ታሪኩን አያበላሸውም? ለብር ሲሉ የሚፈጥሩ አሉ። (ጋዜጠኛ፣ ባሕር ዳር)

ፍርሃትዎ ይገባኛል። እኛ ለሁሉም እኩል የቀን አበል አስገባን። የተከፈለው ለጊዜያቸውና ለትራንስፖርት ነው፤ መጠኑን ከቀረጻው በፊት ነገርናቸው፣ ብዙ ላወራም ጥቂት ላወራም አልተለወጠም። ሁለት አባቶች ግን «ልጄ፣ ለወሬ ገንዘብ?» ብለው አልቀበልም አሉ። ለእነሱ ቡናና ስኳር ይዘን ሄድን፤ በበጀቱ የትኛው መስመር ላይ እንደምናስገባው እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

የድምፅ ባለሙያ ነኝ። ፊታቸውን ደበቃችሁ፣ ድምፃቸውስ? ድሬዳዋ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከዚራ ሰፈር ፊልሙ ቢታይ ጎረቤት በሁለት ቃል ይለያቸዋል።

ይህንን በመጀመሪያው ፕሮፖዛል አላሰብንበትም ነበር። ሥዕል ፊትን እንጂ ሰውን አይሸፍንም። ስንጠይቃቸው ስምንቱ ግድ አልነበራቸውም፤ ሁለቱ አልፈለጉም። የእነሱን ቃል የቅርብ ዘመዶቻቸው እንዲያነቡት ተስማማን፤ ለዚያም ተጨማሪ የስቱዲዮ ቀን ገባ። ግን እየተነበበ መሆኑ ይሰማል፤ ሳቁ የለም፣ ትንፋሹም የለም። የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት በኮምፒውተር መቀየርን ሞክረን አስቂኝ ሆነብን። ያንተ ዘዴ ካለ እስማለሁ።

የሰጠ ድርጅት ከቆረጠባችሁስ? (ተማሪዋ ናት፣ በድጋሚ)

ቆርጦብናል፤ 800,000 ብቻ እንሰጣለን አሉ። ሁሉንም መስመር ሃያ በመቶ መቀነስ ይቀላል፣ ግን ያኔ ቁጥሮቹ ድሮም የተነፉ ነበሩ ማለትሽ ነው። እኛ ፊልሙን ወደ 9 ደቂቃ አወረድነው። በሰከንድ 4 ሥዕል ከነበረው 180 ሰከንድ ወጣ፤ 86,400 ብር። መደቡ ከ60 ወደ 45 ወረደ፤ አንዱ የአንድ ቀን ሥራ ስለሆነ 45,000። ከሙሉ እንቅስቃሴው 60 ሰከንዱን ወደ ቀላሉ ስንቀይር 57,600 ተቀነሰ። በዚያ ላይ 10 በመቶው መጠባበቂያ አብሮ ሲወርድ ጠቅላላው 789,800 ሆነ።

ቀረጻውን፣ ግልባጩንና የአረጋውያኑን አበል አልነካንም። ሥዕሉን በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ገንዘብ ፈልገን መጨመር እንችላለን፤ ከአሥሩ አንዷ እናት ግን ፊልሙ ሳያልቅ ዐርፈዋል፣ ሦስት ሰዓት ድምፃቸው እጃችን ላይ ነው።