ስክሪንሾቱን ከመላካችሁ በፊት

ልጆቼ፣

በጥብቅና ሥራ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ድሮ ባለጉዳይ ቢሮዬ ሲመጣ ውሉንና ደረሰኙን በፌስታል ይዞ ነበር። አሁን ስልኩን ነው የሚዘረጋልኝ። "እዩት፣ ራሷ የጻፈችው ነው" ይለኛል። በዚች አባባል ብዙ ወዳጅነት ሲፈርስ ስላየሁ ልጽፍላችሁ ፈለግሁ።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። ሰዎቹ እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ሁለት ጓደኛሞች አዲስ አበባ ውስጥ ቤት በጋራ ተከራይተዋል። ኪራዩ በወር 16,000 ብር ነው፤ እኩል ያዋጣሉ። አንድ ወር ላይ አንደኛዋ ድርሻዋን ማምጣት አቃታት። ጓደኛዋ ከራሷ ሸፈነችላት። አሥር ቀን ጠብቃ በቴሌግራም ጠየቀቻት። መልሱ አጭር ነበር፦ "አሁን የለኝም። ለእማዬ መድኃኒት አወጣሁት። ኩላሊቷን እንደታመመች ለዘመድ እንኳ አልነገረችም።" ከሥሩ ደግሞ የ52 ሰከንድ የድምፅ መልእክት ተከተለ።

አበዳሪዋ ያን ቀን ተናዳለች። ንዴቷም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ለወሩ የያዘችው ገንዘብ አልቆባታል። ገጹን ስክሪንሾት አንስታ ለሦስተኛ ጓደኛቸው ላከችው። "እስቲ አንቺ ፍረጂ" አለቻት። ሦስተኛዋ ፈረደች፤ "ይቅርታ እንኳ አልጠየቀችሽም እኮ!" አለች። ከዚያ ምስሉን ለሌላ ልጅ አሳለፈችው። ያቺ ልጅ የታማሚዋ እናት ሰፈር ልጅ ነበረች። በአራተኛው ቀን የእናትየው እህት እያለቀሰች ለእናትየው ደወለች። "ሕመምሽን ከሰው አፍ ልስማ?"

ተበዳሪዋ ልጅ ወደ እኔ የመጣችው "መክሰስ እችላለሁ ወይ?" ብላ ነው።

እስቲ ያን ምስል አብረን እንየው። መጀመሪያ፣ ድምፁ የለም። የድምፅ መልእክት ስክሪንሾት ላይ የተንቀጠቀጠ መስመርና የሰከንድ ቁጥር ብቻ ሆኖ ነው የሚታየው። ልጅቷ ይቅርታ የጠየቀችው፣ ደሞዝ የሚወጣበትን ቀን የተናገረችው፣ ግማሹን በዚያው ሳምንት እሰጥሻለሁ ያለችው በዚያ 52 ሰከንድ ውስጥ ነው። ጽሑፉ ደረቅ የሆነው ዋናውን ነገር በድምፅ ልትናገር ስለነበር ነው። ሦስተኛዋ "ይቅርታ አልጠየቀችም" ስትል አልዋሸችም። ያየችው ገጽ ላይ ይቅርታ አልነበረም። ስክሪንሾት እውነተኛ ቃል ይዞ የተሳሳተ ነገር ሊያሳምን የሚችለው እንዲህ ነው። ከላይና ከታች የተቆረጠው፣ ከመላኩ በፊት በስልክ የተባለው፣ ሁሉም ከምስሉ ውጭ ይቀራል።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ይከብደኛል። ገጹ ላይ የነበረው የሁለት ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። እናትየው አለች። እሷ ለማንም አልጻፈችም፣ ከማንም አልተጣላችም፣ ብርም አልተበደረች። ሕመሟን ግን ምስሉ ተሸክሞት ሄደ። በእኛ አገር ሰው ሕመሙን የሚደብቅበት የራሱ ምክንያት አለው፤ መቼ ለማን እንደሚናገር ይመርጣል። ያንን ምርጫ ነው የነጠቋት።

እንግዲህ አበዳሪዋ ምን ማድረግ ነበረባት? ምክር መፈለጓ ልክ ነው። ሰው ሲከፋው ለሰው ማውራቱን እኔ ሐሜት አልለውም። ግን የፈለገችው ምን ነበር? "ያበደርኩትን ብር ሳልጣላ እንዴት ልጠይቅ?" ነው። ይህን ለመጠየቅ ምስል አያስፈልግም። "ኪራይ ሸፍኜላት የዘገየችብኝ ጓደኛ አለች፤ ቤተሰቧ ተቸግሯል" ማለት ይበቃል። ስም የለ፣ ፎቶ የለ፣ ኩላሊት የለ። አማካሪዋም ሁለቱንም የማታውቅ ሰው ብትሆን ይሻል ነበር። የጋራ ጓደኛ ጋ ስም ሸፍኖ መላክ ከንቱ ነው፤ አጻጻፏን አይታ ታውቃታለች።

እኔ ባለጉዳዮቼን የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ አለ። ነገሩን በራስህ አፍ ብትናገረው ምን ይጎድልብሃል? "ምንም" ካለ ምስሉ አያስፈልግም። "አያምኑኝም" ካለ ግን ሌላ ነገር ፈልጓል ማለት ነው፤ ምክር ሳይሆን ምስክር። ምስክር ስታቀርቡ ደግሞ ሌላውን ሰው ከሳችኋል ማለት ነው። የተከሰሰ ሰው መልስ የመስጠት መብት አለው። ያቺ ልጅ ግን በሦስተኛዋ ስልክ ላይ ስትዳኝ መኖሯን እንኳ አላወቀችም።

ሕጋችን ይህን ነገር ቀድሞ አስቦበታል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 31 ላይ፣ በምስጢር የተጻፈ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን ለሌላ መግለጽ እንደማይችል ይናገራል። ልብ በሉ፣ ደብዳቤው የእሱ ነው፤ ለእሱ ተጽፏል፣ እጁ ላይ ነው። ቃሉ ግን አሁንም የጸሐፊው ነው። ያኔ ቴሌግራም አልነበረም፤ ሐሳቡ ግን ለዛሬም ይሆናል። ያው አንቀጽ በር ይከፍታል፤ ተቀባዩ ተገቢ ጥቅም እንዳለው ካሳየ ደብዳቤውን ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል።

ይህ በር ለእናንተም ክፍት መሆኑን እንድታውቁ እፈልጋለሁ። የሚያስፈራራችሁ፣ የሚያዋክባችሁ፣ ገንዘብ ያጭበረበራችሁ ሰው "ለማንም እንዳታሳዪ" ቢል አትስሙት። ወዳጃችሁ ሌሊት ላይ መኖር ሰልችቶኛል ብሎ ቢጽፍላችሁም ምስጢር ነው ብላችሁ ብቻችሁን አትያዙት። አሳዩ። ግን ማስቆም ወይም መርዳት ለሚችል ሰው አሳዩ፦ ለፖሊስ፣ ለጠበቃ፣ ለሐኪም፣ ለቅርብ ቤተሰብ። እንዲህ ዓይነቱን መልእክት አትቁረጡት፤ ቀኑና ሰዓቱ ይታይ፣ ዋናው ንግግርም ከስልካችሁ አይጥፋ። የጓደኛሞች ግሩፕ ግን ማንንም አያድንም።

ቀድማችሁ ልካችሁ ከሆነስ? ቴሌግራም ላይ የላካችሁትን ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ይቻላል። ተቀባዩ ካስቀመጠው ወይም ካስተላለፈው ግን ያ ቅጂ አይመለስም። ስለዚህ ከማጥፋቱ ይልቅ ፈጥናችሁ መልእክቱን ለጻፈችው ሰው ንገሯት። ለማን እንደላካችሁ፣ ምን ምን እንደሚታይ፣ አንድም ሳትሸሽጉ። ከሌላ ሰው ከሰማችው በኋላ የሚመጣ ይቅርታ ሚዛኑ ሌላ ነው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ክስ ከማሰባችን በፊት ሦስቱንም ቢሮዬ ጠራኋቸው። አበዳሪዋ ስታለቅስ ነው የገባችው። ሦስተኛዋ ግን አሁንም "ራሷ የጻፈችው ነው እኮ" አለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥንና ድምፁን ከፈትነው። 52 ሰከንድ ማንም አልተናገረም። ሲያልቅ ሦስተኛዋ ስልኩን ወደ ልጅቷ ገፋ አድርጋ፣ "ይኼን አልሰማሁትም ነበር" አለች።