25% ላይ ድርግም የሚል ስልክ

«አይፎን 11 ነው። 25% ላይ ድርግም ይላል፣ ብርድ ሲሆን ይብሳል። ካሊብሬት ላድርገው ወይስ ባትሪ ልቀይር?»

ወንድሜ፣ ከጠፋ በኋላ ቻርጀር ስትሰካው ወዲያው 20 ምናምን ካሳየህ ቻርጁ አላለቀም ማለት ነው። ያረጀ ባትሪ ብዙ ኃይል ባንዴ መስጠት ያቅተዋል። ካሜራ ስትከፍት ቮልቴጁ በቅጽበት ይወርድና ስልኩ ራሱን ያጠፋል። ብርድ ደግሞ ይህንኑ ያባብሰዋል። አፕልም ከ0 ዲግሪ በታች እንድትጠቀምበት አይመክርም።

እንዲህ ፈትነው። ቤት ውስጥ፣ ስልኩ ሳይቀዘቅዝ፣ 25% ሲደርስ ቪዲዮ ቅረጽ። ካልጠፋ ብርዱ ነው፤ ውጭ ስትወጣ የውስጥ ኪስህ ውስጥ ያዘው። እንደገባህም በረዶ ሆኖ ቻርጅ አታድርገው፣ መጀመሪያ ይሙቅ። ቤት ውስጥም ከጠፋ ግን ባትሪው አርጅቷል። Settings > Battery > Battery Health ውስጥ Maximum Capacity ከ80% በታች ካየህ ቀይረው፣ አታመንታ።

ካሊብሬሽን የሚያስተካክለው ቁጥሩን እንጂ ባትሪውን አይደለም። ፐርሰንቱ ከ40 ወደ 15 የሚዘል ከሆነ አንዴ እስኪጠፋ ተጠቅመህ እስከ 100 ሙላው። መደጋገሙ ግን ባትሪውን ይጎዳል።

ስክሪኑ ከጎን ብድግ ካለ ባትሪው አብጧል። ያኔ ፈተናውን ተወው፤ አጥፍተህ ቶሎ ጠጋኝ ጋ ውሰደው።