«ሀምሳ ሀምሳ»ን አይሰርዙ

ጥያቄ፦ ለአለቃዬ የምልከውን መልእክት ለስልኬ እየተናገርሁ ወደ ጽሑፍ አስቀይረዋለሁ። ስልኩ የጻፈልኝ ይህን ነው፦ «ትናንት ትናንት ኮምቦልቻ ወረድኩና ሾፌሩን ሾፌሩ ማለቴ ረዳቱን አገኘሁትና ሲሚንቶው ሲሚንቶው አልተጫነም አለኝ ለአራቱ ሱቆች ሀምሳ ሀምሳ ኩንታል ነው የሚደርሰው ረቡዕ ነው የሚመጣው መኪናው ከኮምቦልቻ»። ድግግሞሹን ስሰርዝ ሐሳቡ ይዛባብኛል። እንዴት ላስተካክለው? (የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ ደሴ)

መልስ፦ «የተደጋገመውን ሁሉ ሰርዝ» የሚል ምክር በየቢሮው ይዞራል። ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች አማርኛ ቃል የሚደግመው ስለተንተባተበ ብቻ እንዳልሆነ የዘነጉ ናቸው። ከ«ሀምሳ ሀምሳ» አንዱን ቢሰርዙ አራቱ ሱቆች አንድ ሀምሳ ኩንታል ይካፈላሉ ማለት ይሆናል። ሁለቱም ከቆዩ ግን ለእያንዳንዱ ሱቅ ሀምሳ፣ በድምሩ 200 ኩንታል ነው። 150 ኩንታል ሲሚንቶ በአንድ ስረዛ ጠፋ!

ታዲያ የመንተባተቡን ድግግሞሽ ከሰዋስው ድግግሞሽ በምን እንለየው? ቅጥያውን ይመልከቱ። «የበሰለ የበሰለውን ልቀም» ስንል የመጀመሪያው ቃል ባዶውን ይቆማል፤ ቅጥያውን የሚሸከመው ብዙውን ጊዜ የኋለኛው ነው። «ሲሚንቶው ሲሚንቶው» ግን ሁለቱም ቅጥያ ለብሰዋል፤ ስለዚህ አንዱ ትርፍ ነው። «ትናንት ትናንት»ም ያለ ጥርጥር የአፍ መሰናከል ነው። ቍጥር ሲሆን ይህ መለያ አይረዳም፤ ቍጥሩ ባዶውን ስለሚደገም ተቀባዮቹ ብዙ መሆናቸውን ማየት፣ ካልሆነም የራስን ንግግር ማስታወስ ያስፈልጋል። ተናጋሪው ተሳስቶ የደገመው ከሆነ በሁለቱ ሀምሳዎች መካከል ትንፋሽ ይኖራል፤ ስልኩ ግን ትንፋሽ አይጽፍም።

«ማለቴ» ሌላ ጕዳይ ነው። በግዕዝ «ብህለ» የነበረው ግሥ አማርኛ ላይ ሲደርስ ብ እና ህ ተውጠውበት «አለ» ሆኗል፤ ብ ግን ፈጽማ አልጠፋችም፣ «ይበል» እና «በል» ውስጥ ትገኛለች። ከዚሁ «ማለት»፣ ከ«ማለት» ደግሞ «ማለቴ» ወጣ። ይህን ያህል ወደኋላ መሄድ ለእርስዎ መልእክት ላያስፈልግ ይችላል፤ እኔ ግን ሳልናገረው አላልፍም። ለሥራው የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ተናጋሪው «ማለቴ» ሲል ቀድሞ የወጣውን ቃል ሽሯል። ስለዚህ «ሾፌሩን ሾፌሩ ማለቴ» በሙሉ ይውጣ፣ «ረዳቱን» ይቆይ። ቀጥሎ ግሡን ይፈትሹ። «አገኘሁት» ለሾፌሩም ለረዳቱም ይስማማል፤ ረዳቷ ሴት ብትሆን ኖሮ ግን «አገኘኋት» ካላሉ እርማቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

«ወረድኩና… አገኘሁትና…» እያሉ በ«ና» መቀጠል ለአፍ ይመቻል፤ በጽሑፍ ቦዝ አንቀጽ ይሻላል፦ «ወርጄ ረዳቱን አገኘሁት»። «አገኘሁትና»ን ግን «አግኝቼው» አያድርጉት። ቀጥሎ የሚመጣው የ«አለኝ» ባለቤት ረዳቱ እንጂ እርስዎ አይደሉም፤ ባለቤት ሲለወጥ ቦዝ አንቀጹ ይንጠለጠላል። እዚያው ላይ አራት ነጥብ ያኑሩ።

አሁን ወደ ሆድ ቁርጠቴ ልምጣ። «ረቡዕ ነው የሚመጣው መኪናው ከኮምቦልቻ»! የአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ ቦታው መጨረሻ ነው። ተናጋሪ የረሳውን ከማሰሪያው በኋላ ይጥለዋል፤ ጸሐፊ ግን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፦ «መኪናው ከኮምቦልቻ የሚመጣው ረቡዕ ነው»። «ረቡዕ ይመጣል» ማለትም ይቻላል፤ ነገር ግን «ማክሰኞ ሳይሆን ረቡዕ» የሚለው ትኵረት ይቀንሳል። «ረቡዕ ነው የሚመጣው» የሚለው ቅደም ተከተል ዛሬ በጋዜጣም በመጽሐፍም ይታያል፣ አንባቢም አይደናገርበትም። ስሕተት ነው የምልበት ማስረጃ የለኝም። ጆሮዬ ግን እስካሁን አልለመደውም፤ ስለዚህ በእኔ እጅ ባለፈ ጽሑፍ ውስጥ «ነው»ን መሀል ላይ አያገኟትም።

ተስተካክሎ ሲጻፍ፦ «ትናንት ኮምቦልቻ ወርጄ ረዳቱን አገኘሁት። ሲሚንቶው እንዳልተጫነ ነገረኝ። ለአራቱ ሱቆች የሚደርሰው ሀምሳ ሀምሳ ኩንታል ነው። መኪናው ከኮምቦልቻ የሚመጣው ረቡዕ ነው»።

ይህን ከመላክዎ በፊት ግን እርስዎ ብቻ የሚመልሱት ጥያቄ አለ። በአማርኛ «አለኝ» የሌላውን ሰው ንግግር ይዘጋል፤ ከእርሱ በኋላ ያለው ሁሉ የእርስዎ ቃል ሆኖ ይነበባል። ስልኩ ሥርዓተ ነጥብ ስላልጻፈ የሀምሳ ኩንታሉንና የረቡዑን ነገር የተናገረው ረዳቱ ይሁን እርስዎ አይታወቅም። ረዳቱ ከሆነ ከ«ለአራቱ ሱቆች»ም ከ«መኪናው»ም በፊት «እርሱ እንደነገረኝ» የሚለውን ይጨምሩ፤ አለበለዚያ መኪናው ረቡዕ ቢቀር ተጠያቂው እርስዎ ይሆናሉ።