የጁፒተርን ቀይ ነጥብ ከመስመሮቹ ነጥላችሁ አትዩት

ልጆቼ፣ ብዙ ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ተማሪዎቼ ስለ ጁፒተር የሚጠይቁኝ መጀመሪያ ስለ ቀዩ ነጥብ፣ ፊቱ ላይ ስለሚሽከረከረው ግዙፍ ማዕበል ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ፕላኔቱን የሚከቡትን ነጣና ጠቆር ያሉ የደመና መስመሮች እዩ እላችኋለሁ። ነጥቡን ያቆዩት እነሱ ናቸውና።

ጁፒተር በጎኑ ስፋት የምድርን 11 እጥፍ ያህል ነው። አንዴ በራሱ ዙሪያ ለመዞር ግን 10 ሰዓት እንኳ አይሞላበትም። ወገቡ ላይ ያለው ደመና በሰዓት 45 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። በዚህ ፍጥነት በሚሽከረከር ፕላኔት ላይ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የሚነፍስ ነፋስ ሩቅ አይሄድም፤ ሽክርክሪቱ ወደ ጎን ይጠመዝዘዋል። ከውስጥ የሚወጣው ሙቀትም ጋዙን ያለ ዕረፍት ያናውጠዋል። ከሁለቱ የሚወለዱት አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ቀጣዩ ወደ ምዕራብ የሚነፍሱ ኃይለኛ ነፋሶች ናቸው። ደመናውን በመስመር የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ነጣ ያሉት መስመሮች ከፍ ያለ የአሞኒያ በረዶ ደመና የሸፈናቸው ናቸው። በጠቆሩት በኩል ግን ዝቅ ያለው ደመና ይታያል። ነገሩ የላይ ቀለም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጁኖ የተባለችው መንኮራኩር ባደረገችው ልኬት ነፋሶቹ ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር ጥልቀት እንደሚወርዱ በ2018 ታውቋል።

አሁን ወደ ነጥቡ። ከወገቡ በስተደቡብ፣ በሁለት ነፋሶች መካከል ይገኛል። በሰሜኑ ጫፍ ያለው ነፋስ ወደ ምዕራብ፣ በደቡቡ ያለው ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። በሁለት መዳፍ መሀል እንደሚድቦለቦል ሊጥ ያዞሩታል። ጠርዙ ላይ ያለው ነፋስ በሰዓት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል።

ነጥቡ ይህን ያህል ዘመን ለምን አልጠፋም ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ጁፒተር የብስ ስለሌለው ማዕበሉ አይሞትም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ የምድር አውሎ ነፋስ የብስ ላይ ሲወጣ ይዳከማል። ግን በዚህ ብቻ አትርኩ። ከቀዩ ነጥብ በስተደቡብ በ1930ዎቹ መጨረሻ ሦስት ነጫጭ ማዕበሎች ተፈጠሩ። እነሱም ከሥራቸው የብስ አልነበራቸውም። ግን በ1998 ሁለቱ ተዋሐዱ፤ በ2000 ሦስተኛው ተቀላቀለና አንድ ብቻ ቀረ። እዚያ ትልቁ ትንሹን ይውጣል። ቀዩ ነጥብም ወደ እሱ የሚጠጉትን ትናንሽ ሽክርክሪቶች እየዋጠ ኃይል ያገኛል።

ዕድሜውን በተመለከተ «350 ዓመት» የሚል ካነበባችሁ ጠርጥሩ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ካሲኒ በ1665 ያየው ነጥብ ከ1713 በኋላ አልተመዘገበም። የዛሬው በእርግጠኝነት የሚቆጠረው ከ1831 ጀምሮ ነው። ያም ቢሆን ከ190 ዓመት ይበልጣል። እየጠበበም ነው፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝም ነበር፤ አሁን 16 ሺህ ገደማ ነው።

ቴሌስኮፕ ካገኛችሁ ትንሹም ቢሆን ሁለቱን ጥቁር መስመሮች ያሳያችኋል። ነጥቡን ለማየት ግን ተለቅ ያለ ቴሌስኮፕና የተረጋጋ አየር ያስፈልጋል። ካጣችሁት በወዲያኛው ጎን ሊሆን ስለሚችል 5 ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ደግማችሁ እዩ።