ክፍያ ላዘገየ ደንበኛ የሚጻፍ ኢሜይል

«እዚሁ ደብረ ብርሃን ላለ ሆቴል ሎጎና ሜኑ ሠርቼ አስረከብኩ፤ ባነርም ጀምሬላቸዋለሁ። ክፍያው ከዘገየ ወር አለፈው። ጠንከር አድርጌ ምን ልጻፍ?»

ወንድሜ፣ ይቅርታ አትጠይቅ፤ የቤት ኪራይህንም አታንሳ። እንዲህ ጻፍ፦

«ርዕስ፦ ጊዜው ያለፈበት ክፍያ፣ ኢንቮይስ 014

ጤና ይስጥልኝ። መጋቢት 1 የላክሁት የ18,000 ብር ኢንቮይስ መከፈል የነበረበት መጋቢት 15 ነው። እስካሁን አልተከፈለም። እስከ ሚያዝያ 25 እንዲከፍሉኝ እጠይቃለሁ። ካልሆነ የጀመርኩትን የባነር ሥራ አቆማለሁ፤ ጉዳዩንም ወደ ፍርድ ቤት እወስዳለሁ። ኢንቮይሱና የተፈረመበት የርክክብ ወረቀት ተያይዘዋል።»

ቀን መቁረጡን እንዳትዘለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 መሠረት፣ ውሉ አልተፈጸመም ብለህ ከመክሰስህ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብህ። በስልክ «እሺ ነገ» እየተባባላችሁ ከቆያችሁ ምን ታሳያለህ? ኢሜይሉን አትመህም ለሥራ አስኪያጁ ስጥ፤ ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» አስብለህ አስፈርም። እዛው ከተማ ስለሆናችሁ አይከብድህም።