ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወርዷል፤ ግን የሚበቃውን ያህል ነው?

«የደም ጋዝ ወረቀቱ ሲወጣ ሁሉም ቁጥር ላይ ቀስት አለ። ከየቱ ልጀምር?» (ኢንተርን፣ ጎንደር)

ከpH ጀምር። ከ7.35 እስከ 7.45 መደበኛ ነው። ከዚያ ከወረደ ደሙ አሲድ በዝቶበታል፣ ከወጣ ደግሞ አሲድ አንሶታል። ቀጥሎ ጥፋተኛውን ፈልግ። ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው። pCO2 አሲድ ነው፤ የሚያስወጣው ሳንባ ነው፤ መደበኛው ከ35 እስከ 45 ነው። HCO3 ማለትም ባይካርቦኔት አሲዱን የሚያበርድ ነው፤ የሚጠብቀው ኩላሊት ነው፤ መደበኛው ከ22 እስከ 26 ነው።

pH ወርዶ pCO2 ከፍ ካለ ነገሩ የመጣው ከመተንፈስ ነው። pH ወርዶ HCO3 ዝቅ ካለ ሜታቦሊክ ነው። ሁለቱም pHን ወደ አንድ አቅጣጫ ከጎተቱት ሁለት ችግር አለህ። ጥፋተኛው አንድ ብቻ ከሆነ ግን ሌላኛው ቁጥር pHን ለመመለስ የሚሮጥ ረዳት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ድረስ ደህና ይመጣና «ረዳቱ በቂ ሮጧል ወይ?» ብሎ ሳይጠይቅ ይተወዋል። የሚቀጥለው ጥያቄ እሱ ነው።

«የ19 ዓመት ልጅ፣ ስኳሯ 480፣ ሽንቷ ላይ ኪቶን አለ። pH 7.12፣ pCO2 22፣ HCO3 7። ‹ሜታቦሊክ አሲዶሲስ፣ ሳንባዋ እያካካሰ ነው› ብዬ ጻፍኩ። ሲኒየሬ አይቶ ‹እየደከመች ነው› አለኝ። CO2ዋ ዝቅ ብሎ እያለ ምኑን አይቶ ነው?» (የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት)

ሲኒየርሽ ልክ ነው። አንቺ 22ን ያወዳደርሽው ከ40 ጋር ነው። እሱ ደግሞ እዚህች ልጅ ላይ መሆን ከነበረበት ጋር አወዳደረው።

መሆን ያለበትን ለማወቅ የዊንተርስ ቀመር የሚባል አለ፤ ለሜታቦሊክ አሲዶሲስ ብቻ ነው የሚሠራው፦

```
pCO2 = (1.5 × HCO3) + 8 ± 2
```

ባይካርቦኔቷ 7 ነው። በ1.5 ሲባዛ 10.5፣ 8 ሲጨመርበት 18.5። ስለዚህ ሳንባዋ በደንብ እየሠራ ቢሆን ኖሮ pCO2 ከ16.5 እስከ 20.5 ባለው ውስጥ ይገኝ ነበር። 22 ከዚያ በላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ይኑረው እንጂ፣ ለእሷ ከፍ ያለ ነው።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። እኔም አንድ ተኩል ነጥብ ብቻውን አያስደነግጠኝም፤ አልጋው ጋ ያስሮጠኛል እንጂ። እዚያ ስትደርሺ አተነፋፈሷን ተመልከቺ። በዲኬኤ የታመመ ሰው በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል፤ ሮጦ እንደመጣ ሰው። ያ አተነፋፈስ ነው በሕይወት የሚያቆየው። ትንፋሿ አጥሮ፣ አንገቷ ላይ ያሉት ጡንቻዎች እየታገሉ፣ እሷም እንቅልፍ እንቅልፍ እያላት ከሆነ ድካም ነው። ድካም ካልሆነ የሳንባ ምች ፈልጊ፤ የማስታገሻ መድኃኒት ወስዳ እንደሆነም ጠይቂ። ፖታሲየሟንም እዪ፤ ኢንሱሊን ሲጀመር ይወርዳል፣ በጣም ከወረደ የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ያላላል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ድጋሚ ደም ጋዝ ሲሠራ HCO3 እዚያው 7 ላይ ቆሞ pCO2 28 ከሆነ፣ ያ «ወደ መደበኛው እየቀረበ ነው» አይባልም። እየወደቀች ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሲደረግ አይቼ ስለማልረሳው ነው። እንዲህ ያለ ታካሚ ቱቦ ገብቶለት ቬንቲሌተሩ እንደ ማንኛውም ሰው በደቂቃ 14 ትንፋሽ ተሞላለት። አስቢው፤ የዚህችን ልጅ pCO2 ወደ «መደበኛው» 40 ብናመጣው፣ ባይካርቦኔቱ 7 እንዳለ፣ pH 6.86 አካባቢ ይወርዳል። ልብ እዚህ ላይ ሊቆም ይችላል። ቱቦ የግድ ከሆነ ማሽኑ እሷ ስትተነፍስ በነበረው ልክ መተንፈስ አለበት፤ እሱን ደግሞ ማሽን በቀላሉ አይችለውም። ስለዚህ ፈሳሹን፣ ኢንሱሊኑንና ፖታሲየሙን አጥብቃችሁ ያዙ፤ አይሲዩም ቀድሞ ይወቅ።

«pH ልክ 7.40 ከሆነ ሌላውን ማየት ለምን ያስፈልጋል?» (የነርሲንግ ተማሪ)

pCO2 20፣ HCO3 12 ቢሆንስ? የዚህ ሰው pHም 7.40 ነው። ማካካሻ pHን ወደ መደበኛው ያቀርባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ እስከ መሃሉ ድረስ አያደርሰውም። ሁለቱ ቁጥሮች እንዲህ ተዛብተው pH ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ሁለት ተቃራኒ በሽታዎች እየተጓተቱ ነው። አስፕሪን በብዛት የዋጠ ሰው ላይ የሚታወቀው መልክ ይሄ ነው፤ መድኃኒቱ አሲድ ያበዛል፣ የአንጎልን የትንፋሽ ማዕከልም ለብቻው ያጣድፋል።

«የቆየ የሳንባ በሽታ ያለባቸው አባት ገብተዋል። pH 7.36፣ pCO2 60፣ HCO3 33። ተረኛው ሐኪም 60ን አይቶ ወደ ቬንቲሌተር ሊወስዳቸው ነበር። ተገቢ ነው?» (የዋርድ ነርስ)

ሲስተር፣ በዚህ ወረቀት ብቻ አይደለም። ባይካርቦኔቱን እንደ ቀን መቁጠሪያ ያንብቡት። ኩላሊት HCO3ን 33 ለማድረስ ቀናት ያስፈልጉታል። ስለዚህ ይህ 60 የዛሬ አይደለም፤ ሰውየው ለምደውት የሚኖሩበት ነው። ዛሬ ድንገት 60 የገባ ሰው HCO3ው 26 አካባቢ፣ pHው ደግሞ 7.26 አካባቢ ይሆን ነበር። እሱ ነው የሚያስቸኩለው። እኚህ አባት ነቅተው የሚያወሩ ከሆነ የሚከታተሉት pHን ነው። ኦክስጅኑንም አይከልክሏቸው፤ ሙሌታቸው ከ88 እስከ 92 በመቶ መካከል እንዲሆን አድርገው ይስጧቸው።

«እንግሊዝ አገር ነው የምሠራው። እዚህ pCO2 5.3 ይላል፤ ቀመሩን ምን ላድርገው?» (ከለንደን)

በኪሎፓስካል ስለሆነ ነው። በ7.5 አባዛው፤ 5.3 ወደ 40 ይመጣል። የላይኛው ቀመር የሚሠራው በሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው።

«ናሙናው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰዓት ቆየ። ሲሪንጁ ውስጥም አረፋ ነበር። ውጤቱን ልመነው?» (ላብራቶሪ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ)

አትመነው፣ ይደገም። የደም ሴሎች ሲሪንጅ ውስጥም ሥራ አያቆሙም፤ ሲቆይ pCO2 ይጨምራል፣ pH ይወርዳል። አረፋው ደግሞ pCO2ን ወደ ታች ይስበዋል። ፈሳሽ ሄፓሪን ሲሪንጁ ውስጥ በዝቶ ከቀረም ደሙን ስለሚያቀጥነው pCO2ና HCO3 አብረው ይወርዳሉ፤ ያ ደግሞ ቁርጥ ሜታቦሊክ አሲዶሲስ ይመስላል። ማሽኑ HCO3ን ከpHና ከpCO2 ያሰላዋል እንጂ ለብቻው አይለካውም፤ ስለዚህ ናሙናው ከተበላሸ ሦስቱም ቁጥሮች እርስ በርስ ተስማምተው ይሳሳታሉ።

አዲስ አበባ ስላልክ ደግሞ፣ ማሽኑ ላይ የተጻፈው 35–45 ከባሕር ጠለል ጋር እኩል በሆነ ቦታ ለሚኖር ሰው ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ያለ ሰው ትንሽ አብዝቶ ስለሚተነፍስ pCO2ው ጥቂት ዝቅ ይላል። ጤነኛ ሰው ላይ 33 ወይም 34 ብታይ፣ ቀስቱን ተከትለህ አልካሎሲስ ብለህ እንዳትጽፍ።